ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ያለችው 0.14

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ወደ ቶርኖ ቤታችን የመጡት በጆንያ የተጠቀለለ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ክፍል ይዘው ነበር። ትንሹ ማርሽ ጥርሶቹ ተላልጠው ጉቶ ብቻ ቀርቷል፤ ሁለቱን ዘንጎች የሚይዘው የብረት ሳህንም በቀዳዳው በኩል ተሰንጥቋል። ማርሹም ሳህኑም አዲስ መሠራት ነበረባቸው።

«ልጄ፣ ከአሮጌው ሳህን ላይ የቀዳዳዎቹን ርቀት ለክተህ እንዳለ ብትደግመውስ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቀዳዳው ተበልቶ እንቁላል መስሏል። እሱን ከለካሁ የምገለብጠው ብልሽቱን ነው» አልኳቸው።

ቀዳዳው ቢዋሽም ጥርሶቹ እውነቱን ይነግሩናል። ሁለት ቀጥ ያለ ጥርስ ያላቸው ማርሾች ሲገጥሙ፣ ጥርስ የሌላቸው ሁለት ለስላሳ ጎማዎች ተነካክተው እንደሚንከባለሉ አድርገን እናስባቸው። የእነዚህ የሐሳብ ጎማዎች ክብ በጥርሱ ቁመት መካከል አካባቢ ያልፋል፤ እዚህ የመግጠሚያ ክብ እለዋለሁ። የዘንጎቹ ርቀት ከአንዱ ክብ መሐል እስከ ሌላው ክብ መሐል ያለው፣ ማለትም የሁለቱ ጎማዎች ግማሽ ስፋት ተደምሮ ነው።

የክቡን ስፋት የሚወስነው ሞጁል የሚባለው ቁጥር ነው። ሞጁል ለእያንዳንዱ ጥርስ ከክቡ ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚደርሰው ይነግረናል። ሞጁሉ 2.5 ከሆነና ጥርሶቹ 20 ከሆኑ ክቡ 50 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ጥርሶቹ 60 ከሆኑ 150። የሚገጥሙ ሁለት ማርሾች ሞጁላቸው አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ የአንዱ ጥርስ ከሌላው ጎድጓዳ ጋር አይገናኝም።

ሞጁሉ በማርሹ ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፎ አይገኝም፤ ግን ለማወቅ አያስቸግርም። በመደበኛ ማርሽ ጥርሱ ከመግጠሚያው ክብ በላይ ልክ አንድ ሞጁል ስለሚወጣ፣ የማርሹ ሙሉ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ በሁለቱም ወገን ተደምሮ ሁለት ሞጁል ይጨምራል። ስለዚህ ሙሉውን ስፋት በካሊፐር ለክቶ ለጥርሱ ብዛት ሲደመር ሁለት ማካፈል ነው። የተረፈው ትልቁ ማርሽ 60 ጥርስ ነበረው፤ ስፋቱ 154.8 ሚሊ ሜትር። ለ62 ሲካፈል 2.497 ይሆናል። ጫፉ ትንሽ ተበልቷልና ሞጁሉ 2.5 ነው ብዬ ወሰንኩ። የጥርሱ ብዛት ጎዶሎ ቢሆን ግን ከአንዱ ጥርስ ትይዩ የሚገኘው ጥርስ ሳይሆን ጎድጓዳ ነው፤ ያን ጊዜ ካሊፐሩ አሳንሶ ስለሚያሳይ ከቀዳዳው መሐል ጀምሮ እስከ ጥርሱ ጫፍ ለክቶ በሁለት ማባዛት ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚሰናከልበት ወጥመድ አለ። ያ ማርሽ 157.4 ሚሊ ሜትር ቢለካ ኖሮ ለ62 ሲካፈል 2.54 አካባቢ ይመጣ ነበር። «ያው 2.5 ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን አይደለም። እንግሊዝና አሜሪካ በኢንች ይሠሯቸው የነበሩ ማሽኖች በሞጁል ፋንታ በአንድ ኢንች ስፋት ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ ይቆጥራሉ። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በኢንች አሥር ጥርስ ያለው ማርሽ በሞጁል ሲገለጽ 2.54 ነው። ልዩነቱ ከጥርስ እስከ ጥርስ 0.13 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ የዘንጎቹ ርቀት ግን በ1.6 ሚሊ ሜትር ይለያያል፤ 101.6 ወይም ልክ አራት ኢንች ይመጣል። አሮጌ ማሽን ላይ ርቀቱ በኢንች ድፍን ቁጥር ከሆነ መጠርጠር አለብን።

የእኛ ግን ሞጁል 2.5 ነበር። ስሌቱ ይህን ያህል ነው፦

የዘንጎች ርቀት = 2.5 × (20 + 60) ÷ 2 = 100 ሚሊ ሜትር

ወደዚህ ሥራ አዲስ የገባሁ ጊዜ እንዲህ ያለ ድፍን ቁጥር ሳገኝ ደስ ብሎኝ ልክ በዚያው እበሳ ነበር። አንድ ቀን እንዲያ የሠራሁት ጥንድ በእጅ ሲዞር ግማሽ ዙር ቀለል ብሎ ሄደና ቀጥቅጦ ቆመ፤ ገፋ ሳደርገው ዞረ፣ ግን ሞተር ሲገጠምለት ያፏጭና ይሞቅ ጀመር። ስሌቱ ስህተት አልነበረውም። 100 የሚለው ቁጥር አንዱ ጥርስ በሌላው ጎድጓዳ ውስጥ በሁለቱም ጎኑ ምንም ክፍተት ሳይኖረው የሚቀመጥበት ርቀት ነው። ብረት ግን ሲሞቅ ያብጣል፣ ዘይትም ቦታ ይፈልጋል፣ ማርሽም ፍጹም ክብ ሆኖ አይቆረጥም። ስለዚህ በጥርሱ ጀርባ በኩል ሆን ተብሎ የሚተው ክፍተት ያስፈልጋል። ባለሙያዎች ባክላሽ ይሉታል። አንዱን ማርሽ ይዘን ሌላውን ወደፊትና ወደኋላ ስናወዛውዘው የምትሰማን ትንሿ ቀጭ ቀጭ እሷ ናት።

ምን ያህል ይበቃል? ለተራ ሥራ የሚያገለግለው የቆየ ልማድ የሞጁሉን ከ0.03 እስከ 0.05 እጥፍ መተው ነው። ለ2.5 ሞጁል አማካዩ 0.1 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ይህን የማገኘው ዘንጎቹን በ0.1 በማራራቅ ግን አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እንጨት ፈላጭ የሚጠቀምበትን ሽብልቅ እናስብ። ሽብልቁን ከስንጥቁ ውስጥ ትንሽ ስናወጣው በጎኖቹ የሚከፈተው ቦታ ካወጣንበት መጠን ያነሰ ነው፤ ምን ያህል እንደሚያንስም የጎኑ መጋደል ይወስነዋል። የማርሽ ጥርስም እንዲሁ ነው። ዛሬ በተለመደው 20 ዲግሪ የግፊት አንግል አንድ ሚሊ ሜትር ስናራርቅ በእያንዳንዱ ጎን 0.364፣ በሁለቱ ጎን 0.73 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። ስለዚህ 0.1 ባክላሽ ከፈለግሁ ለ0.73 አካፍላለሁ፤ 0.137 ይመጣል። ሳህኑን የምበሳው በ100.14 ነው።

የድሮ ማሽኖች ጥርስ 14.5 ዲግሪ አንግል ሊኖረው ይችላል። ጎኑ ቀጥ ያለ ስለሆነ ያንኑ 0.1 ለማግኘት 0.19 ማራራቅ ይጠይቃል። ሁለቱ አንግሎች ተቀላቅለው ደግሞ ጨርሶ አይሠሩም፤ ሞጁሉ ቢገጥምም ጥርሱ ጥርሱን ይፍቀዋል።

ዘንጎቹን ስናራርቅ ፍጥነቱ አይዛባም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አይዛባም። የዛሬ ማርሽ ጥርስ ጎኑ ኢንቮሉት በሚባል መስመር የተቀረጸ ነው። በቆርቆሮ ላይ የተጠመጠመ ክር ጫፉን ወጠር አድርገን ስንፈታው ጫፉ የሚስለው መስመር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የስዊዙ የሒሳብ ሊቅ ሌኦናርድ ኦይለር ለማርሽ ጥርስ ይህን ቅርጽ ሐሳብ አድርጎ አቀረበ። ትልቁ በረከቱ ዘንጎቹ ትንሽ ቢራራቁም ሦስት ለአንድ የነበረው ዙር ሦስት ለአንድ ሆኖ መቅረቱ ነው። የሚቀየረው ጥርሶቹ የሚገፋፉበት አንግል ብቻ ሲሆን በእኛ ማሽን ከ20 ወደ 20.2 ዲግሪ ከፍ ይላል። ለዚህ ቸርነት ግን ገደብ አለው። ብዙ ካራራቅን አንዱ ጥርስ ከመልቀቁ በፊት ቀጣዩ የሚረከብበት ጊዜ ያጥራል፤ ጭነቱም ወደ ጥርሱ ጫፍ ይሸሻል። አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥርም ማሽኑ ያንኳኳል።

ሳህኑ ድሮውኑ ተበስቶ ወይም በፋብሪካ ተቀርጾ የማይነቃነቅ ከሆነ መውጫው ማርሹ ላይ ነው። ትንሹን ማርሽ በፍሬዛ ስንቆርጥ መቁረጫውን ከመደበኛው ጥልቀት ያንኑ 0.14 ዝቅ ብናደርገው ጥርሱ በ0.1 ይቀጥናል፤ ዘንጎቹም በ100 ላይ ይቆያሉ።

እኔ ግን ሳህኑን የምሠራው ከባዶ ነበር። በነጥብ መቺና በትራፓኖ የተበሳ ቀዳዳ በቀላሉ 0.3 ሚሊ ሜትር ሊሸሽ ስለሚችል 0.14ን ለማዳን ምንም ተስፋ የለውም። ሳህኑን ፍሬዛ ላይ አስሬ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ከከፈትኩ በኋላ ጠረጴዛውን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ገፍቼ 100.14 ላይ አቆምኩት። ወደኋላ ብመልሰው የጠረጴዛው ብሎን ራሱ ያለው ባክላሽ ልኬቴን ይሰርቅብኝ ነበር።

ማርሾቹ በኩሽኔታቸው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ትልቁን አሰርኩና የዲያል ኢንዲኬተሩን ጫፍ በትንሹ ማርሽ ጥርስ ጎን ላይ፣ በመግጠሚያው ክብ ቁመት አስደገፍኩ። በእጅ ወዲያና ወዲህ ሳወዛውዘው መርፌዋ የምትሄደው ርቀት ባክላሹ ነው። አንድ ቦታ ለክቶ መተው ግን ያታልላል። ትልቁን በሩብ በሩብ ዙር እያዞርኩ ደግሜ ስለካ 0.10፣ 0.13፣ 0.10፣ 0.07 አገኘሁ። ትልቁ ማርሽ ከመሐሉ 0.04 ሚሊ ሜትር ያህል ተዛንፏል ማለት ነው፤ ሲዞር አንዴ ይጠጋል፣ አንዴ ይርቃል። ያ ያለፈው ጊዜ ግማሽ ዙር ሄዶ የቆመው ጥንዴ በሽታውም ይኸው ነበር። ስለዚህ ማየት ያለብን አማካዩን ሳይሆን ከሁሉ የጠበበውን ቦታ ነው፤ እሱም 0.07 ስለሆነ ተስማማሁ።

አንዱ ዘንግ በሞላላ ቀዳዳ ላይ ተንሸራቶ በብሎን የሚጠብቅበት ማሽን ላይ ዲያል የሌለው ሰው በወረቀት ይሠራል። ቀጭን ወረቀት በጥርሶቹ መሐል አስገብቶ ማርሾቹን አጥብቆ ያስጠጋና ብሎኑን አስሮ ወረቀቱን እያዞረ ያወጣዋል። ወረቀቱ በጥርሱ በአንዱ ጎን ወርዶ በሌላው ስለሚወጣ የሚተወው ክፍተት የውፍረቱ እጥፍ ያህል ነው። ተራ የጽሕፈት ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከ0.2 ጥቂት ያነሰ ይሰጠናል፤ ለእንዲህ ያለ 2.5 ሞጁል ቀጠን ያለው የጋዜጣ ወረቀት ይሻላል። አንድ ነገር ግን አይዘንጋ፦ ማርሾች ሲሠሩ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ በ20 ዲግሪ ጥርስ ላይ ዘንጎቹን የሚያራርቀው ኃይል ከሚያዞረው ኃይል ከሦስት አንድ እጅ ይበልጣል። ብሎኑ ብቻውን ካልቻለ ቦታው ከተስተካከለ በኋላ የማይላወስ ፒን ይመታበታል።

ማቡኪያውን መልሼ ገጥሜ አንድ ሰዓት ሊጥ ካቦካንበት በኋላ እንደሞቀ ፈትቼ ያንኑ የጠበበ ቦታ ለካሁት። ማርሾቹ ከሳህኑ የበለጠ ሞቀው ትንሽ አብጠዋል፤ መርፌዋ 0.05 አሳየችኝ።