ዶሮዋ በፈረንሳይኛ ስትተኛ

በፓሪስ፣ በጄኔቭ ወይም በሞንትሪያል ልጅ የሚያሳድጉ፣ አዲስ አበባም ላይ ልጃቸውን ሊሴ ገብረ ማርያም የሚልኩ ወላጆች ማታ ማታ የሚገጥማቸው ጥያቄ አንድ ነው። ፈረንሳይኛ ገና ለጀመረ ሕፃን ከመኝታ በፊት ምን ይነበብለታል? መጻሕፍት መደብር ቢገቡ የእርሻ እንስሳት ያሉበት የልጆች መጽሐፍ ሞልቷል። ብዙዎቹ ግን የተጻፉት በኃላፊ ጊዜ ነው፤ ያውም ፈረንሳዮች ለጽሑፍ እንጂ ለንግግር በማይጠቀሙበት የኃላፊ ጊዜ ዓይነት። ማርሴል ኤሜ ከ1934 ጀምሮ ያሳተማቸው፣ ዴልፊንና ማሪኔት የሚባሉ ሁለት እኅትማማቾች ከሚናገሩ የእርሻ እንስሳት ጋር የሚኖሩባቸው ተረቶች ድንቅ ናቸው። ቋንቋውን አፉን የፈታበት ልጅ ይደሰትባቸዋል። ጀማሪው ግን በጠዋት ትምህርት ቤት ሰምቶት የማያውቀውን የግስ መልክ ማታ አልጋው ላይ ሊፈታ አይችልም።

ስለዚህ ለጀማሪ የሚሆነው ተረት በአሁን ጊዜ የሚነገር፣ በጣም አጭርና ብዙ የሚደጋገም ነው። እንዲህ ያለውን ወላጅ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ሙሉውን እነሆ፤ እንደሚሰማው በፊደላችን ጽፌዋለሁ።

ሴ ላ ንዊ። ላ ፑል ዶር። ለ ሙቶን ዶር። ለ ሽቫል ዶር። ለ ፕቲ ቮ ነ ዶር ፓ። «ኡ ኤ ማማን?» ላ ቫሽ ፌ «መኧ»። «ዠ ስዊ ላ።» ለ ፕቲ ቮ ዶር። ላ ቫሽ ዶር። ቱት ላ ፌርም ዶር። ቦን ንዊ።

በእኛ ቋንቋ እንዲህ ይሆናል፦ ሌሊት ነው። ዶሮዋ ተኝታለች። በጉ ተኝቷል። ፈረሱ ተኝቷል። ትንሹ ጥጃ ግን አልተኛም። «እማዬ የት አለች?» ላሟ «እምቧ» ትላለች። «አለሁ።» ትንሹ ጥጃ ተኝቷል። ላሟ ተኝታለች። እርሻው በሙሉ ተኝቷል። ደኅና እደሩ።

ዐሥራ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። «ዶር» የሚለው ግስ 7 ጊዜ ይመጣል፤ ድምፁም አንድ ጊዜ እንኳ አይለወጥም። ተረቱ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በአማርኛ ዶሮዋ «ተኝታለች»፣ በጉ «ተኝቷል» ስንል ግሱ ጾታውን ተከትሎ ይለዋወጣል። የፈረንሳይኛው ግስ በአሁን ጊዜ ለሴትም ለወንድም ያው ነው። ጾታውን የሚሸከመው ከስሙ በፊት የሚመጣው «ላ» ወይም «ለ» ነው። እኛ ከስሙ መጨረሻ የምንቀጥለውን እነሱ ከፊት ያስቀድሙታል። ልጁ ቃሉን ከነቅጥያው «ላፑል»፣ «ለሙቶን» ብሎ እንደ አንድ ቃል ቢይዘው ጾታው አብሮት ይገባል። «ፑል» ብቻውን የተማረ ልጅ ግን በኋላ «ላ» ይሁን «ለ» እየገመተ ይቸገራል።

ተረቱን የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «እንስሳቱ ሁሉ ተኙ» ብሎ መዝጋት ያምረዋል። በፈረንሳይኛ ይህን ሲል «ሌዛኒሞ ዶርም» ይሆናል። በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ተለወጠ ማለት ነው። «ለ» ወደ «ሌ» ተቀየረና ከሚቀጥለው ቃል ጋር በ«ዝ» ተጣበቀ፤ «አኒማል» የነበረው «አኒሞ» ሆነ፤ ሌሊቱን ሙሉ «ዶር» ሲል የቆየው ግስም ድንገት «ም» ጨመረ። እንቅልፍ የተጫነው ሕፃን ልክ በመጨረሻው ላይ ግራ ይጋባል። «ቱት ላ ፌርም ዶር» ካልን ግን እርሻው አንድ ስለሆነ ግሱ እንዳለ ይቀጥላል፤ ትርጉሙም ሁሉንም ይጠቀልላል። ልጁ «ዶርም»ን በሌላ ቀን፣ ነቃ ባለ ሰዓት ይማረዋል።

ወላጁ ሲተረጉምም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፈረንሳይኛው አሁን ጊዜ «ትተኛለች» ብሎ ለመተርጎም ይጋብዛል። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ደግሞ «ዶሮዋ ትተኛለች» ሲባል ገና ልትተኛ ነው ብሎ ሊጠብቅ ይችላል። አሁን እንቅልፍ ላይ ያለን ፍጡር እኛ «ተኝታለች» ነው የምንለው። በፈረንሳይኛ ለሁለቱም «ዶር» ይበቃል። ልጁ ከጠየቀ «ተኝታለች» ብሎ መመለስ ነው።

ጥጃው ላይ ስንደርስ አማርኛ ይረዳናል። «ነ ዶር ፓ» ውስጥ አፍራሹ ግሱን ከፊትና ከኋላ ይዞታል፤ አንዱ ቁራጭ «ነ»፣ ሌላው «ፓ»። የእኛም «አልተኛም» ከፊት «አል»፣ ከኋላ «ም» አለው። አማርኛ የሚናገር ልጅ ይህን ቅርጽ በራሱ ቋንቋ ለምዶታልና እንግዳ አይሆንበትም። ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሲጫወቱ «ነ»ን ውጠው «ዶር ፓ» ብቻ ሲሉ ይሰማ ይሆናል፤ በንግግር የተለመደ ነው። ወላጁ በሚያነብለት ተረት ውስጥ ግን ሁለቱም ቁራጮች ቢሰሙ ይሻላል።

ላሟ የምትናገርበትም መንገድ የታሰበበት ነው። ፈረንሳይኛ ለላም፣ ለበግ፣ ለፈረስ ጩኸት የየራሱ ግስ አለው። ለየእንስሳው ማደሪያም እንዲሁ፤ የዶሮው ቆጥ፣ የላሙ በረት፣ የፈረሱ ጋጣ ሁሉ ለየብቻ ስም አላቸው። ለጀማሪ ይህ ሁሉ ሸክም ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ሕፃናትን የሚያጫውቱ ሰዎች ራሳቸው «ላ ቫሽ ፌ መኧ» ይላሉ፤ «ፌ» ማለት «ታደርጋለች» ነው። ይህ አንድ ግስ ለሁሉም እንስሳ ይሠራል። ለማደሪያውም «ላ ፌርም» ይበቃል።

የፊደላችን ወሰንም መታወቅ አለበት። «ሙቶን» ብዬ የጻፍኩት መጨረሻው ላይ «ን» ተብሎ አይነበብም። ምላስ ላንቃን ሳይነካ «ኦ» በአፍና በአፍንጫ አንድ ላይ ይወጣል። «ማማን» መጨረሻው ላይ ያለውም እንደዚሁ ነው። «ቦን» ላይ ያለው ግን በትክክል «ን» ነው። «ንዊ» ደግሞ ከንፈር ለ«ኡ» ሞጥሞጦ ምላስ ለ«ኢ» ሲዘጋጅ የሚወጣ ድምፅ አለበት፤ አማርኛ ውስጥ የለም። ወላጁ እነዚህን ካልለመደ አንድ ጊዜ ቋንቋውን አሳምሮ የሚናገር ሰው ተረቱን በስልክ ቢቀዳለትና እሱን ሰምቶ ቢያነብ ይመረጣል።

አነባበቡ ቀላል ነው። በመጀመሪያዎቹ ማታዎች ሥዕል ወይም አሻንጉሊት እየጠቆሙ ያለ ትርጉም ማንበብ፤ በየዓረፍተ ነገሩ አማርኛ ከተከተለ ልጁ አማርኛውን ብቻ ጠብቆ ፈረንሳይኛውን ያሳልፈዋል። ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ «ለ ሙቶን...» ብሎ ዝም ማለት ነው። ልጁ «ዶር» ብሎ ከሞላው ድምፁን ይዟል ማለት ነው። ትርጉሙንም መያዙ የሚታወቀው ሆን ተብሎ ሲሳሳቱለት ነው። በጉ ዓይኑን ጨፍኖ በተሳለበት ሥዕል ላይ «ለ ሙቶን ነ ዶር ፓ» ይበሉት። የገባው ልጅ «ኖን! ዶር!» ብሎ ይቃወማል፤ ያልገባው ዝም ብሎ ይሰማል። በአማርኛ «ተኝቷል እኮ!» ቢልም ያው ነው፤ ፈረንሳይኛውን ተረድቶ ነው የመለሰው። «ላ ሙቶን» ቢል ደግሞ እርማት አያስፈልገውም፤ «ዊ፣ ለ ሙቶን ዶር» ብሎ ትክክለኛውን ማሰማትና ማለፍ ይበቃል።

ይህን ሲችል አንድ እንስሳ ብቻ ይለወጥ፤ ፈረሱ ወጥቶ ድመት ይግባ፤ «ለ ሻ ዶር»። የታተመውን ጽሑፍ ማሳየት ከዚህ በኋላ ቢመጣ ጥሩ ነው። በፈረንሳይኛ አጻጻፍ «ዶር» መጨረሻው ላይ የማይነበብ «ት» አለው፣ «ንዊ»ም አለው፣ «ሻ»ም አለው። ጆሮው አስቀድሞ የያዘው ልጅ ያቺን ፊደል ዓይቶ ያልፋታል፤ ከጽሑፍ የጀመረው ግን «ዶርት» እያለ ያነባል፣ ለማስተውም ብዙ ጊዜ ይፈጃል።