ዲኤንኤ ሲጎዳ፦ የሚነቀለው አንድ ፊደል ነው ወይስ ቁራጩ በሙሉ?

ዜሮደርማ ፒግሜንቶሰም የሚባለውን በሽታ ይዘው ከሚወለዱ ልጆች አንዳንዶቹ ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ሲነካቸው ፊታቸው ተቃጥሎ ያብጣል። ብዙዎቹ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ፊታቸውና እጃቸው ላይ ጥቃቅን ጠቃጠቆ ይወጣባቸዋል። ከፀሐይ ካልተከለሉ ደግሞ ሌላው ሰው በስተርጅና የሚያገኘው የቆዳ ካንሰር አስር ዓመት ሳይሞላቸው ሊይዛቸው ይችላል። በሽታውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቪየና ውስጥ የገለጸው የቆዳ ሐኪሙ ሞሪትስ ካፖሲ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ግን አንድ መቶ ዓመት ገደማ ወስዷል።

በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጄምስ ክሊቨር የተባለ ተመራማሪ ካሊፎርኒያ ውስጥ የእነዚህን ሕሙማን የቆዳ ህዋሳት አሳድጎ አልትራቫዮሌት ጨረር አበራባቸው። ጤነኛ ህዋስ ከእንዲህ ያለ ጨረር በኋላ የተጎዳውን የዲኤንኤ ክፍል ቆርጦ ያወጣና ክፍተቱን በአዲስ ይሞላል። የሕሙማኑ ህዋሳት ይህን ማድረግ አልቻሉም። የሚገርመው፣ እነዚሁ ህዋሳት ኤክስሬይ ያደረሰባቸውን ጉዳት ግን በደህና ይጠግኑ ነበር። እንግዲያው የጠፋቸው ጥገና በጠቅላላው ሳይሆን አንድ ዓይነት ጥገና ብቻ ነው። ህዋስ ለጉዳት ሁሉ አንድ መድኃኒት የለውም።

ከጥገናዎቹ አንዱ ቤዝ ኤክሲዥን ሪፔር ይባላል፤ የዲኤንኤ ፊደላት የሆኑትን ቤዞች አንድ በአንድ እየለየ የሚያስወግድ ነው። ይህ ጥገና የሚዋጋው ጉዳት አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ አይደለም። ዲኤንኤ የሚኖረው ውሃ ውስጥ ነው፤ ውሃ ደግሞ ቀስ እያለ ያበላሸዋል። ሳይቶሲን የተባለው ፊደል በውሃ ምክንያት ከላዩ አንድ የናይትሮጅን ቡድን ሲያጣ ወደ ዩራሲል ይለወጣል። በአንድ የሰው ህዋስ ውስጥ ይህ በቀን ከ100 እስከ 500 ጊዜ እንደሚሆን ይገመታል። ዝም ከተባለ ህዋሱ ሲባዛ ዩራሲሉ ከጉዋኒን ጋር መጣመሩን ትቶ ከአዴኒን ጋር ይጣመራል፤ የተሳሳተው ንባብም ለልጅ ህዋስ ይወረሳል።

ስዊድናዊው ቶማስ ሊንዳል ይህን ሲያስብ፣ ጉዳቱ እንዲህ የበዛ ከሆነ የሚያርመው ነገር የግድ መኖር አለበት አለ። በ1974ም ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ ዩራሲልን ብቻ እየለየ ከዲኤንኤ የሚነቅል ኢንዛይም አገኘ። ግላይኮሲሌዝ ከሚባሉት ወገን ነው። የሰው ህዋስ 11 ያህል ግላይኮሲሌዞች አሉት፤ ስንዴ እንደሚለቅም ሰው እያንዳንዱ የራሱን እንክርዳድ በመልኩ ያውቀዋል። ኢንዛይሙ በሰንሰለቱ ላይ እየተንሸራተተ የጠረጠረውን ፊደል ወደ ውጭ ገልብጦ በራሱ ጉድጓድ ውስጥ ይለካዋል። ከገጠመ ይነቅለዋል፤ ካልገጠመ መልሶት ያልፋል። ፊደሉ ሲነቀል የሰንሰለቱ የስኳርና የፎስፌት ጀርባ ብቻ ባዶውን ይቀራል። ኤፒኢ1 የተባለ ሌላ ኢንዛይም ጀርባውን እዚያው ላይ ይበጥሰዋል፣ ፖሊመሬዝ ቤታ ትክክለኛውን ፊደል ያስገባል፣ ላይጌዝ ያያይዛል። ብዙውን ጊዜ የሚተካው አንድ ፊደል ብቻ ነው።

ደካማ ጎኑም ከዚሁ ከመልክ ለይቶ ማወቁ ይመጣል። በዲኤንኤአችን ላይ ሜቲል የተባለ ምልክት ያረፈባቸው ሳይቶሲኖች አሉ። እነዚህ ሲበላሹ የሚሆኑት ዩራሲል ሳይሆን ታይሚን ነው፤ ታይሚን ደግሞ ከአራቱ ሕጋዊ ፊደላት አንዱ ነው። እንግዳውን ከቤተኛው መለየት ይከብዳል። ከጉዋኒን ጋር የተጣመረ ታይሚን ሲያዩ የሚጠረጥሩ ግላይኮሲሌዞች ቢኖሩም ያመልጣቸዋል፤ በካንሰር እብጠቶች ውስጥ እነዚህ ቦታዎች በሚውቴሽን የሚታወቁትም ለዚህ ነው።

ወደ ፀሐይዋ እንመለስ። አልትራቫዮሌት ጨረር ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ታይሚኖችን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። አሁን አንዱን ፊደል ብቻ ነቅሎ መተካት አይሆንም፤ ከጎረቤቱ ጋር ተያይዟል። በሰው ህዋስ ውስጥ ይህን የሚፈታ ግላይኮሲሌዝ የለም፤ ሥራው የኑክሊዮታይድ ኤክሲዥን ሪፔር ነው። ይህኛው ጉዳቱ ምን ዓይነት ኬሚካል እንደሆነ አይጠይቅም። ኤክስፒሲ የተባለው ፕሮቲን የሚፈልገው ሁለቱ የዲኤንኤ ሰንሰለቶች በትክክል ሳይጣመሩ የላሉበትን ቦታ ነው፤ የሚይዘውም ብዙ ጊዜ የተጎዳውን ሰንሰለት ሳይሆን ትይዩውን ነው። ስለዚህ ያልታሰበ ጉዳትን እንኳ ሊያገኝ ይችላል። በሲጋራና በእንጨት ጭስ ውስጥ ያለው ቤንዞፓይሪን ሰውነት ውስጥ ተለውጦ ጉዋኒን ላይ ሲለጠፍ የሚያነሳውም ይኸው ጥገና ነው።

መላላት ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ቲኤፍቱኤች የተባለ የፕሮቲን ስብስብ ይመጣና ሰንሰለቶቹን ይለያያል፤ ከአባላቱ አንዱ ኤክስፒዲ በአንደኛው ሰንሰለት ላይ ይጓዛል። መንገዱ ላይ ጉዳት ካለ እዚያው ይገተራል፤ መገተሩ ጉዳት መኖሩን ያረጋግጣል። ከዚያ በኋላ ሁለት መቀሶች፣ ኤክስፒኤፍ በአንድ ወገን ኤክስፒጂ በሌላው፣ ከጉዳቱ ራቅ ብለው ይቆርጣሉ። ሰው ላይ ከ24 እስከ 32 ፊደል የሚረዝም ቁራጭ ይወጣል፤ ክፍተቱ የሚሞላው ጤነኛውን ትይዩ ሰንሰለት እያዩ ነው። ለሁለት ፊደል ጥል ይህን ያህል ማውጣት ብክነት ይመስላል። ነገር ግን ጉዳቱን በስም ለማያውቅ ቆራጭ ሰፊ ቦታ መተው ይሻለዋል። የባክቴሪያውን ተመሳሳይ አሠራር በ1983 ያሳየው ቱርካዊው አዚዝ ሳንካር በ2015 ከሊንዳልና ከአሜሪካዊው ፖል ሞድሪች ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል።

በስማቸው መጀመሪያ «ኤክስፒ» ያላቸው ፕሮቲኖች ስያሜውን ያገኙት ከበሽታው ነው፤ ከእነርሱ የአንዱ ዘረመል መበላሸት ልጁን ለፀሐይ ያጋልጠዋል። ታዲያ በሌላው ጥገና ጉድለት የሚታወቅ እንዲህ ያለ በሽታ ለምን አይገንም? አይጦች ላይ የተደረገው ሙከራ ፍንጭ ይሰጣል። አንዱ ግላይኮሲሌዝ ሲጠፋ ሌላው ሥራውን ስለሚሸፍን አይጧ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ትኖራለች። ሁሉም የሚጋሩት ኤፒኢ1 ሲጠፋ ግን ፅንሱ ገና ሳይወለድ ይሞታል። ከፀሐይ መሸሽ ይቻላል፤ ከገዛ ህዋስ ውሃ ግን መሸሻ የለም።

ዛሬም በሽታው ሲጠረጠር የክሊቨር ዘዴ ያገለግላል፦ ከቆዳ ህዋስ ተወስዶ ጨረር ይበራበታል፣ ምልክት የተደረገባቸው የዲኤንኤ ግብዓቶች ይሰጡታል፣ ምን ያህሉን እንደሞላባቸው ይለካል። ልጁ ሙሉ ልብስ፣ መነጽርና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልገዋል፤ የቤቱና የመኪናው መስታወት ጨረር በሚያግድ ሽፋን ይለበጣል፤ ፀሐይ ስለማያገኝም ቫይታሚን ዲ በመድኃኒት መልክ ይታዘዝለታል። ይህ ሁሉ ቆዳውን በእጅጉ ይጠብቃል። ከሕሙማኑ ሩብ ያህሉ ግን የመስማት ችሎታቸው እየቀነሰ፣ አረማመዳቸውና አእምሯቸው እየተዳከመ ይሄዳል፤ አንጎል ደግሞ ፀሐይ አይደርሰውም። የሚጠረጠረው ኦክስጅን ራሱ በህዋስ ውስጥ የሚያደርሰው አንድ የጉዳት ዓይነት ነው፦ ፊደሉ ከራሱ ስኳር ጋር በሁለት ቦታ ስለሚጣበቅ ግላይኮሲሌዝ ቢቆርጠው እንኳ ተነቅሎ አይወጣም። የሚያነሳው ያ የጎደላቸው ጥገና ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ መጋረጃም ሆነ ቅባት አይከለክለውም።