ዕዳውን ሳያምኑ ስሌቱን መሞገት

የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ የደረሰው ነጋዴ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ከግርጌ ባለው ድምር ላይ ነው። ድምሩ ካስደነገጠው ከሁለት ደብዳቤዎች አንዱን ለመጻፍ ይቸኩላል። አንዱ «አቅሜ ስለማይፈቅድ ከፋፍዬ እንድከፍል ይፈቀድልኝ» ይላል፤ ሌላው «ውሳኔው ፍትሐዊ ስላልሆነ በድጋሚ ይታይልኝ» ይላል። የመጀመሪያው ገና ያልተጣራውን ዕዳ ያመነ ያስመስለዋል። ሁለተኛው ደግሞ ከስሌቱ የትኛው ቁጥር እንደተሳሳተ ስለማይናገር ለመርማሪው የሚይዘው ነገር አይሰጠውም።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 983 ግን ከሁለቱም የተሻለ መንገድ አስቀምጧል። ውሳኔውን የሚቃወም ግብር ከፋይ ማስታወቂያው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ያቀርባል። ቅሬታው ተቀባይነት እንዲኖረው ሦስት ነገሮችን በግልጽ መያዝ አለበት፤ የሚቃወመው ምኑን እንደሆነ፣ ምን እንዲስተካከል እንደሚፈልግ እና ለምን እንዲስተካከል እንደሚጠይቅ። ከዚህ ሌላ፣ ግብር ከፋዩ ከውሳኔው ውስጥ የማይከራከርበት የግብር ክፍል ካለ ቀድሞ መክፈል ይጠበቅበታል።

ይህ የመጨረሻው ቅድመ ሁኔታ ቅሬታው የሚጻፍበትን ቋንቋ ይወስነዋል። «ይህን ያህሉን እናምናለን» ያለ ድርጅት ያመነውን ካልከፈለ ቅሬታው በአግባቡ እንደቀረበ አይቆጠርለትም። ስለዚህ ስሌቱ እንዲታረም የሚጠይቅ ሰው የሚያምነውንና ለክርክር ሲል ብቻ የሚያነሳውን ለይቶ መጻፍ አለበት።

ጉዳዩን በቁጥር ማየት ይቀላል። ለምሳሌ ያህል የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንውሰድ። ድርጅቱ በአንድ የግብር ዘመን 12,000,000 ብር ሽያጭ አሳውቋል። ይህ ቁጥር ተጨማሪ እሴት ታክስን አይጨምርም። ኦዲተሩ የባንክ ሂሳቡን ሲመረምር በዓመቱ ውስጥ የገባው ገንዘብ በድምሩ 19,200,000 ብር ሆኖ አገኘው። ሁለቱን አቀናንሶ 7,200,000 ብር «ያልተመዘገበ ሽያጭ ነው» ሲል ደመደመ። በዚህ ላይ 30 በመቶ የንግድ ሥራ ገቢ ግብር 2,160,000 ብር፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ 1,080,000 ብር ይሆናል። ዋናው ዕዳ ብቻ 3,240,000 ብር ደረሰ ማለት ነው። ግብርን አሳንሶ በማሳወቅ የሚጣለው ቅጣት ለመጀመሪያ ጊዜ 10 በመቶ ስለሆነ ሌላ 324,000 ብር ይጨመራል፤ ወለዱም ከዚህ ሌላ ነው።

የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ስሌቱን መልሳ ስትሠራው የመጀመሪያውን ስህተት ከመነሻው ታገኘዋለች። ወደ ባንክ የገባው ገንዘብ ደንበኛው የከፈለውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨምራል፤ የታወቀው ሽያጭ ግን አይጨምርም። በሁለት የተለያየ መሠረት የተያዙ ቁጥሮች ተቀናንሰዋል። የ12,000,000 ብሩ ሽያጭ ታክሱ ሲታከልበት 13,800,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ ልዩነቱ 7,200,000 ሳይሆን 5,400,000 ብር ነው። አንድም ተጨማሪ ሰነድ ሳይቀርብ፣ በሒሳብ ብቻ 1,800,000 ብር ከሽያጭነት ወጣ።

ቀጥሎ የገንዘቡ ምንጭ ይታያል። ከቀረው 5,400,000 ብር ውስጥ 2,500,000 ብር የባንክ ብድር ነው። 1,300,000 ብር ድርጅቱ ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ያዛወረው የራሱ ገንዘብ ነው፤ ያው ብር ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። 450,000 ብር ደግሞ ባለአክሲዮኖቹ ካፒታል ለማሳደግ ያስገቡት ነው። እነዚህ ሦስቱ ሲቀነሱ 1,150,000 ብር ይቀራል። ሥራ አስኪያጁ ይህ ገንዘብ ከወንድማቸው የተበደሩት እንደሆነ ያስረዳሉ፤ ነገር ግን በወቅቱ ውል አልተጻፈም፤ ያለው ማስረጃ የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀት ብቻ ነው።

ክርክሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ድርጅቱ ገንዘቡ ብድር መሆኑን ያምናል፤ ይሁን እንጂ መርማሪው ውል የሌለውን ብድር ላይቀበለው ይችላል። ድርጅቱ ስለ ብድሩ ብቻ ተከራክሮ ቢረታ፣ 1,150,000 ብሩ እንዳለ እንደ ሽያጭ ተይዞ ታክስ ሊሰላበት ነው። ይህም ስህተት ነው፤ ሽያጭ ነው ከተባለ ታክሱ በውስጡ አለና። 1,150,000 ለ1.15 ሲካፈል ሽያጩ 1,000,000 ብር፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 150,000 ብር ይሆናል። የዕቃዎቹ መግዣ ወጪ አስቀድሞ በመዝገብ ተይዟል ቢባል እንኳ ወደ ትርፍ የሚደመረው ከፍተኛው መጠን 1,000,000 ብር ነው፤ ግብሩም 300,000 ብር። በድምሩ 450,000 ብር ማለት ነው፤ ከ3,240,000 ብሩ ጋር ሲነጻጸር ሰባት እጥፍ ያነሰ ነው።

ጠበቆች ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ የቆየ መፍትሔ አላቸው፤ መከራከሪያውን ዋናና አማራጭ ብሎ መክፈል። በዋናው ላይ ዕዳው ሙሉ በሙሉ ይካዳል። በአማራጩ ላይ ደግሞ «ብንረታ እንኳ ልኩ ይህ ነው» ይባላል። የድርጅቱ ቅሬታ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ድርጅታችን በውሳኔው የተጠየቀውን ግብር ሙሉ በሙሉ ይቃወማል። ሽያጭ ተብሎ የተያዘው 7,200,000 ብር ከዚህ ቀጥሎ በተዘረዘሩት አምስት ምክንያቶች ሽያጭ ስላልሆነ ውሳኔው እንዲሻር እንጠይቃለን። በአማራጭ፣ በአምስተኛው ተራ የተጠቀሰው 1,150,000 ብር ብድር አይደለም የሚባል ከሆነ፣ ዕዳውን እንዳመንን ሳይቆጠርብን፣ ገንዘቡ ታክስን ጨምሮ የተከፈለ በመሆኑ ስሌቱ በ1,000,000 ብር ሽያጭ ላይ ብቻ እንዲሠራ እንጠይቃለን።»

«ዕዳውን እንዳመንን ሳይቆጠርብን» የሚለው ሐረግ ያለቦታው ከገባ አይጠቅምም። ጉልበት የሚያገኘው ዋናው ክህደት ከፊቱ በግልጽ ከተጻፈ፣ አማራጩም በሁኔታ ላይ ከቆመ ነው። በአንድ ደብዳቤ ላይ ከላይ «አናምንም» ብሎ ከታች «ቅጣቱ ተነሥቶልን ዋናውን እንክፈል» ማለት ሁለቱን ያፋልሳል። የቅጣት ምሕረትም ሆነ የክፍያ ጊዜ ጥያቄ ክርክሩ ካለቀ በኋላ፣ በሌላ ማመልከቻ ቢቀርብ ይሻላል። የኦዲት ግኝት ሲነበብ ፈርሙ ለሚባለውም ጥንቃቄው ያው ነው፤ የሚፈርም ሰው ከፊርማው አጠገብ ግኝቱ እንደደረሰው፣ ግን እንዳልተስማማበት ቢጽፍ ኋላ ከብዙ ሙግት ይድናል።

ቅሬታውን የሚያየው በታክስ ባለሥልጣኑ ውስጥ ያለ፣ ውሳኔውን ከሰጠው ክፍል የተለየ የቅሬታ መርማሪ ክፍል ነው። ዐዋጁ ለመልሱ 180 ቀን ሰጥቷል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ መልስ ካልመጣ ግብር ከፋዩ ሌላ 30 ቀን ሳያልፈው ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ይችላል። መልሱ መጥቶ ካላረካውም የይግባኙ ጊዜ 30 ቀን ነው።

ወደ ኮሚሽኑ ለመሄድ ግን ክርክር ካለበት ግብር 50 በመቶው መከፈል አለበት፤ ቅጣትና ወለድ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገቡም። የምሳሌው ድርጅት ዕዳ በ3,240,000 ብር ጸንቶ ከቀረ በሩን ለማስከፈት 1,620,000 ብር ያስፈልገዋል። በቅሬታው ደረጃ ወደ 450,000 ብር ዝቅ ካለ ግን 225,000 ብር ይበቃዋል። ብዙ ነጋዴ በቀጣዩ ደረጃ የሚሸነፈው ክርክሩ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ይህን ገንዘብ ማግኘት ስለሚያቅተው ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ደረጃ የስሌት ስህተትን ነቅሶ ማውጣት የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ከኮሚሽኑ ቀጥሎ ያለው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። እዚያ የሚቀርበው ይግባኝ በሕግ ጉዳይ ላይ ብቻ የተመሠረተ መሆን አለበት፤ ሊከፈል የሚገባውም ወደ 75 በመቶ ከፍ ይላል። 1,300,000 ብሩ ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ የተዛወረ የራስ ገንዘብ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ግን የፍሬ ነገር ጥያቄ ነው። በቅሬታና በኮሚሽን ደረጃ ያልተነሣና ያልተረጋገጠ ቁጥር ፍርድ ቤት ሲደረስ ጊዜው አልፎበታል።

የማስረዳት ሸክሙም የግብር ከፋዩ ነው። ውሳኔው ስህተት መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነውና እያንዳንዱ የተቀነሰ ቁጥር የራሱ ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ለብድሩ የብድር ውሉና ገንዘቡ የገባበትን ቀን የሚያሳይ የባንክ ደብዳቤ፣ ለዝውውሩ የሁለቱም ባንኮች መግለጫ፣ ለካፒታሉ የባለአክሲዮኖች ቃለ ጉባኤ ይያያዛል። በዝውውሩ ላይ ከአንዱ ሂሳብ የወጣበትና ወደ ሌላው የገባበት ቀንና መጠን ጎን ለጎን በሰንጠረዥ ሲቀመጥ መርማሪው ፈልጎ እንዳያጣው ይረዳል። ማስረጃ የሌለው ቁጥር በዋናው መከራከሪያ ውስጥ ቢገባ እንኳ አማራጭ ሊጻፍለት ያስፈልጋል፤ ከቁጥሮቹ ሁሉ በቀላሉ የሚወድቀው እሱ ነውና።

መንገዱ ገደብ አለው። በስሌቱ ላይ የሚቀርብ ቅሬታ በእርግጥ ተሽጦ ያልታወቀን ገቢ አያጠፋውም፤ ክርክሩ በሽንፈት ካለቀም ወለዱ ባለፉት ወራት ልክ ቆጥሮ ይጠብቃል። ስለዚህ ድርጅቱ ራሱ ዕዳው እንዳለበት የሚያውቀውን ክፍል ለይቶ ወዲያው መክፈሉ፣ የቀረውን ብቻ መከራከሩ ያዋጣዋል።

ውሳኔ የደረሰው ሰው ከሁሉ በፊት የደረሰበትን ቀን በማስታወቂያው ላይ ይጻፍ፤ በዚያው ሳምንትም ኦዲተሩ የሠራበትን ዝርዝር ስሌት በጽሑፍ ይጠይቅ። ዝርዝሩን መጠየቅ የ21 ቀኑን ቆጠራ አያቆመውም፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ቢዘገይም ቅሬታው በጊዜው መግባት አለበት። ሕመም፣ ከአገር ውጭ መሆን ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ያጋጠመው ሰው የጊዜ ማራዘሚያ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። በክልል ደረጃ ግብር የሚከፍል ደግሞ የክልሉን ዐዋጅ፣ ሁሉም ሰው ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የወጡ ማሻሻያዎችን ይመልከት። ቅሬታው ሲገባ የራስ ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተምና ቀን እንዲያርፍ ማድረግ ግድ ነው፤ ቅሬታው በ21 ቀን ውስጥ መግባቱን ኋላ የሚያረጋግጠው ያ ቅጂ ነው።