ግጥሙ አርጅቷል፤ ግን ነፃ ነው?

ልጅዎ በቃሉ የሚወጣውን የቆየ ግጥም ዜማ አበጅተው በድምፅ ሊያስቀርጹለት አስበዋል እንበል። የሚኖሩት ቦርደዴም ይሁን ጭሮ፣ ቀረጻው ዩቲዩብ ላይ ከወጣ የሚሰማው የሰፈር ሰው ብቻ አይደለም። ስለዚህ ስቱዲዮ ከመግባትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ የግጥሙ ባለመብት ማን ነው? ብዙዎቻችን «የድሮ ነው» ካልን በኋላ አንጠይቅም። ሕጉ የሚቆጥረው ግን የግጥሙን ዕድሜ ሳይሆን ገጣሚው ያረፈበትን ጊዜ ነው።

«አዝማሪና ውሃ ሙላት»ን እንውሰድ። በትምህርት ቤት ከመለመዱ የተነሳ ተረት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ሆኖም ደራሲ አለው፤ ከበደ ሚካኤል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ካረፈ በኋላ ደግሞ ለወራሾቹ 50 ዓመት እንደሚቆይ ይደነግጋል። ከበደ ሚካኤል ያረፉት በኅዳር 1991 ዓ.ም. ነው። በዚህ ላይ 50 ሲደምሩ ኅዳር 2041 ዓ.ም. ይመጣል። እስከዚያ ግጥሙ እንደተጠበቀ ቆጥረው መነሳት አለብዎት። ዜማ ማበጀት፣ ስንኝ ማሳጠር ወይም አዝማች መጨመር ሥራውን መለወጥ ስለሆነ የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ፈቃዱን የሚሰጡት ወራሾቹ ወይም መብቱ የተላለፈለት አሳታሚ ናቸው። ፍለጋውን ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጾች ይጀምሩ፤ የአሳታሚው ስምና የኅትመቱ ዓመት እዚያ ይገኛሉ። ፈቃዱን ሲያገኙ በጽሑፍ ያድርጉት። የትኛው ግጥም፣ በምን መልኩ፣ የት እንደሚለቀቅና ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ይገለጽበት። «ይሁን፣ ዘምሩት» የሚል የስልክ ቃል ነገ ክርክር ሲነሳ አያድንዎትም።

አሁን ሌላ ስም እንይ። ዮፍታሔ ንጉሤ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። 50 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ስላለቀ በሕይወት ሳሉ የታተመ ግጥማቸውን ያለ ፈቃድ ማዜም ይችላሉ። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ሥራው መጀመሪያ የታተመው ደራሲው ካረፈ በኋላ ከሆነ 50ው ዓመት የሚቆጠረው ከታተመበት ቀን ነው። ስለዚህ ከሞት ዓመት ጋር የመጀመሪያውን ኅትመት ዓመትም ይያዙ። የደራሲው ስም ሳይገለጽ የታተመ ሥራም እንዲሁ ከኅትመቱ ይቆጠራል፤ «ደራሲው አልታወቀም» ማለት «ባለቤት የለውም» ማለት አይደለም።

መዝሙር ሲሆን ነገሩ ይደራረባል፤ ቃሉ፣ ዜማውና ትርጉሙ የተለያዩ ባለቤቶች ሊኖሯቸው ይችላል። «ሃው ግሬት ዛው አርት» የሚባለው ዝነኛ መዝሙር ጥሩ ማሳያ ነው። መነሻው ስዊድናዊው ካርል ቦበርግ እ.ኤ.አ. በ1885 የጻፈው ግጥም ነው። ቦበርግ በ1940 ስላረፈ የእሱ ቃል ነፃ ሆኗል፤ ዜማውም የስዊድን የሕዝብ ዜማ ነው። ዓለም የሚያውቀውን የእንግሊዝኛ ቃል ያዘጋጀው ግን እንግሊዛዊው ስቱዋርት ሃይን ሲሆን የራሱንም ስንኞች ጨምሮበታል። ሃይን ያረፈው በ1989 ነው። በእንግሊዝ አገር ጥበቃው ከሞት በኋላ 70 ዓመት ስለሆነ እስከ 2059 ይዘልቃል። ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ ከመለሱት የነኩት የሃይንን ሥራ ነው። ሌላ ሰው የመለሰውን የአማርኛ ቃል ከወሰዱ ደግሞ የዚያ ተርጓሚ መብትም አለ። በኢንተርኔት የሚለቁት ሥራ ድንበር ስለሚሻገር የእኛን 50 ዓመት ብቻ ቆጥሮ መተማመን አይበቃም።

የቅዱስ ያሬድ ድርሰትስ? የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ስለሆነ ቃሉም ዜማውም የማንም የግል መብት አይደለም። አንድ መዘምር ወይም የመዘምራን ቡድን ያስቀረጸው ካሴት ግን ሌላ ነው። አዋጁ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁ የራሳቸውን የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ድርሰቱን ራስዎ ያዚሙት እንጂ የእነሱን ድምፅ ቆርጠው አያስገቡ። በጥንታዊ ስልት የተደረሰ አዲስ መዝሙርም ደራሲው በሕይወት ሊኖር ስለሚችል ከያሬድ ጋር አያዳብሉት።

ዓመቶቹን ለማረጋገጥ ከፌስቡክ ጽሑፍ ይልቅ የታተመ መጽሐፍ ይሻላል። ቤትዎ ያለው ቅጂ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ኅትመት ከሆነ፣ አዲስ አበባ የሚኖር ዘመድ ወመዘክር ጎራ ብሎ የቀደመውን ኅትመት እንዲፈልግልዎ ይጠይቁ። የርዕስ ገጹን ፎቶ፣ የደራሲውን የሞት ዓመት የሚያሳየውን ገጽና የፈቃዱን ደብዳቤ ከቀረጻው ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡ። አንድ ቀን ባለመብት ነኝ የሚል ሰው ዩቲዩብ ላይ አቤቱታ ቢያቀርብ መልስ የሚሆኑዎት እነዚህ ናቸው። ከቃሉ፣ ከዜማውና ከትርጉሙ የአንዱን እንኳ ባለቤት ወይም ዓመት ማግኘት ካልቻሉ ግን ያንን መዝሙር ቤት ውስጥ ዘምሩት፤ ለቀረጻው ሌላ ይምረጡ።