በሁሉም አቅጣጫ ዜሮ፣ ሊሚት ግን የለም

የአንድ ተለዋዋጭ ፋንክሽን ሊሚት ሲፈለግ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ ከግራ ስንጠጋ ዋጋው ወዴት ያመራል? ከቀኝስ? ሁለቱ መልሶች ከተስማሙ ጉዳዩ አለቀ። ተለዋዋጮቹ x እና y ሁለት ሲሆኑ ግን የምንጠጋው ነጥብ በመስመር ላይ ሳይሆን በገጽ ላይ ነው የሚገኘው። ከየመንደሩ ወደ አንድ ገበያ እንደሚያቀና ሰው፣ ወደዚያ ነጥብ ከየትም ተነስቶ፣ ቀጥ ብሎም ዞሮም መድረስ ይቻላል። ሊሚት አለ ለማለት በየትኛውም መንገድ ብንሄድ ዋጋው ወደዚያው አንድ ቁጥር ማምራት አለበት።

መንገዶቹ ስፍር ቁጥር ስለሌላቸው አንድ በአንድ ፈትሾ መጨረስ አይቻልም። ተማሪዎች በካልኩለስ ትምህርት የፖላር ኮኦርዲኔትን ዘዴ የሚማሩት ለዚህ ነው። በዚህ ዘዴ አንድ ነጥብ በአግድምና በሽቅብ ልኬት መገለጹ ቀርቶ፣ ከመነሻው ከ(0, 0) ባለው ርቀት r እና ከአግድሙ አክሲስ ጋር በሚሠራው ማዕዘን θ ይገለጻል። ቀመሩ x = r cos θ፣ y = r sin θ ነው። ወደ መነሻው መጠጋት ማለትም r ወደ ዜሮ መሄዱ ብቻ ይሆናል። የሁለት ተለዋዋጮች ጥያቄ የአንድ ተለዋዋጭ ጥያቄ የሆነ ይመስላል።

መጀመሪያ ዘዴው በትክክል ሲሠራ እንየው። x²y/(x² + y²) የሚለውን ፋንክሽን እንውሰድ። ላዕሉ r³ cos²θ sin θ ይሆናል። ታህቱ ደግሞ cos²θ + sin²θ ሁልጊዜ 1 ስለሆነ r² ብቻ ነው። ሲቃለል r cos²θ sin θ ይቀራል። ሳይንና ኮሳይን ከ1 በላይም ከ-1 በታችም አይሄዱም፤ ስለዚህ θ ምንም ይሁን ምን የፋንክሽኑ ፍጹም ዋጋ ከ r አይበልጥም። ርቀቱ 0.001 ከሆነ ዋጋው በየትኛውም በኩል ከ0.001 አይበልጥም ማለት ነው። ሊሚቱ ያለ ጥርጥር 0 ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ xy/(x² + y²) ነው። እዚህ r² ከላይም ከታችም ይሰረዝና cos θ sin θ ብቻ ይቀራል። ርቀቱ ከስሌቱ ስለወጣ፣ የቱንም ያህል ብንጠጋ ዋጋው በማዕዘኑ ብቻ ይወሰናል። በአግድሙ አክሲስ ላይ 0፣ በ45 ዲግሪ መስመር ላይ ግን 1/2 ነው። ሁለት አቅጣጫዎች ካልተስማሙ ሊሚት የለም። ይህች ትንሽ ፋንክሽን ታላቁን ፈረንሳዊ ኦግስታን ሉዊ ኮሺን የምታርም ናት። ኮሺ በ1821 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንድ ፋንክሽን በእያንዳንዱ ተለዋዋጭ በኩል ለየብቻ ተከታታይ ከሆነ በጥቅሉም ተከታታይ ነው ብሎ ነበር። ለዚህች ፋንክሽን በመነሻው ላይ 0 ዋጋ ብንሰጣት በሁለቱም አክሲሶች ላይ ተከታታይ ትሆናለች፤ በጥቅሉ ግን አይደለችም።

እስካሁን ባየነው መሠረት ብዙ ሰው የሚደርስበት ድምዳሜ ቀላል ነው፤ r ወደ ዜሮ ሲሄድ θ የሌለበት አንድ ቁጥር ከተገኘ ሊሚቱ እሱ ነው የሚል። ይህ ድምዳሜ ስህተት ነው። በ1884 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በጣሊያን በአንጄሎ ጄኖኪ ስም በወጣው፣ ወጣቱ ጁሴፔ ፔያኖ ባዘጋጀው የካልኩለስ መጽሐፍ ውስጥ የሚከተለው ፋንክሽን ይገኛል፤

f(x, y) = xy²/(x² + y⁴)

ወደ ፖላር ቀይረን r² ብናቃልል r cos θ sin²θ/(cos²θ + r² sin⁴θ) እናገኛለን። አሁን θን በአንድ ማዕዘን ላይ አስረን r ወደ ዜሮ ይሂድ። ላዕሉ ወደ 0 ይሄዳል፤ ታህቱ ወደ cos²θ ይሄዳል። cos θ ዜሮ ካልሆነ ውጤቱ 0 ነው። በ90 ዲግሪ፣ cos θ ዜሮ በሚሆንበት ሽቅብ መስመር ላይ ደግሞ ላዕሉ ራሱ ዜሮ ስለሆነ አሁንም 0 ነው። በሁሉም ቀጥታ መስመር መልሱ 0 ሆነ።

አሁን ግን x = y² በሆነበት ፓራቦላ ላይ እንሂድ። ላዕሉ y⁴፣ ታህቱ y⁴ + y⁴ ይሆናል፤ ዋጋው ሁልጊዜ 1/2 ነው። y 0.1፣ x 0.01 ሲሆን 1/2፤ y 0.01፣ x 0.0001 ሲሆንም 1/2። ፓራቦላው እስከ መነሻው ድረስ ይዘልቃል፤ ዋጋው ግን ከ1/2 ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ሊሚት የለም።

ሁሉም ቀጥታ መስመሮች ይህን እንዴት ሳያሳዩ ቀሩ? አንዱን መስመር፣ ለምሳሌ x = 0.01y የሚለውን ቀረብ ብለን እንከተለው። ወደ ሽቅቡ አክሲስ በጣም የተጠጋ መስመር ነው። y 0.1 ላይ ስንሆን ዋጋው 0.099 ገደማ ነው። y 0.01 ላይ ስንደርስ መስመሩ ፓራቦላውን ያቋርጣል፤ ዋጋው 1/2 ይደርሳል። ከዚያ ካለፍን በኋላ ይወርዳል፤ y 0.0001 ሲሆን 0.01 ገደማ ነው፤ ቀጥሎም ወደ 0። እያንዳንዱ ያጋደለ መስመር እንዲሁ ፓራቦላውን አንድ ጊዜ አቋርጦ ወደ 0 ይወርዳል። መስመሩ ወደ ሽቅቡ አክሲስ በተጠጋ ቁጥር ግን የሚያቋርጥበት ቦታ ወደ መነሻው እየቀረበ ይሄዳል። በመሆኑም «ከዚህ ርቀት ወዲህ በሁሉም አቅጣጫ ዋጋው ትንሽ ነው» የምንልበት አንድም ርቀት የለም።

የስህተቱ ሥር እዚህ ላይ ነው። θን ማሰር ማለት በቀጥታ መስመር ብቻ መሄድ ማለት ነው፤ ሊሚት ግን θ ከ r ጋር አብሮ እንዲለዋወጥ ይፈቅዳል። በፓራቦላው ላይ ስንሄድ r ባነሰ ቁጥር ማዕዘኑ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል፤ cos θ ራሱ የ r ያህል ይሆናል። ያኔ ላዕሉ r² ያህል፣ ታህቱ 2r² ያህል ሆነው አብረው ይወርዳሉ፤ ክፍልፋያቸው 1/2 አካባቢ ይቆያል።

ምልክቱን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ከተቃለለ በኋላ ታህቱን እንይ። በመጀመሪያው ምሳሌ ታህት ላይ ማዕዘን አልቀረም። በፔያኖ ፋንክሽን ግን r ዜሮ ሲሆን የሚቀረው cos²θ በ90 ዲግሪ ዜሮ ይሆናል። አደጋው ያለው በዚያ አቅጣጫ ዙሪያ ነው። የሚፈተነውን ጥምዝ መንገድም ታህቱ ራሱ ይጠቁመናል፤ ሁለቱ ክፍሎቹ x² እና y⁴ እኩል የሚሆኑት x = y² ሲሆን ነው። ታህቱ በአንድ ማዕዘን ዜሮ ስለተጠጋ ብቻ ግን ሊሚት የለም ማለት አይቻልም፤ ምልክቱ የሚለው ፈትሹ ነው።

ስለዚህ በፖላር ኮኦርዲኔት ሊሚት የምታሰሉ ሁሉ፣ θን አስራችሁ 0 ስላገኛችሁ ብቻ መልሱን አትጻፉ። በፋንክሽኑና በተገመተው ሊሚት መካከል ያለው ልዩነት ለማንኛውም θ ከማይበልጠው፣ በ r ብቻ ከተጻፈና ወደ ዜሮ ከሚሄድ መጠን በታች መሆኑን አሳዩ። ያን ካሳያችሁ ማስረጃው ሙሉ ነው፤ ካላሳያችሁ ግን የፈተናችሁት ቀጥታ መስመሮችን ብቻ ነው።