ንግሥት እሌኒ የማን ሚስት ነበሩ?

የዜና መዋዕል ጸሐፊ የሚከተለው ሹመትንና ዘመቻን ነው፤ የንጉሥ ሚስትና ሴት ልጅም በዚያ መንገድ ካላለፉ ስማቸው ይቀራል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሴቶች ልጆች፣ ደል ሰመራንና ሮም ገነየላን የመሳሰሉት፣ ስማቸው የተረፈው በሹመት ዝርዝር ውስጥ ስለገቡ ነው። ዝርዝሩ ግን እናቶቻቸውን አይናገርም። ስለዚህ ጠንቃቃ የታሪክ ሰው የእናትየውን ቦታ ባዶ ይተወዋል እንጂ በታወቀችው ንግሥት ስም አይሞላውም።

የሹመት ስም ደግሞ ያሳስታል። የሐድያው ገራድ ልጅ እሌኒ በእንጀራ ልጃቸው በዐፄ በእደ ማርያም ዘመንም «ቀኝ በዓልቲሐት» ስለተባሉ፣ አንዳንዶች የበእደ ማርያም ሚስት አድርገው ጻፏቸው። ሁለቱን ዜና መዋዕሎች ጎን ለጎን ስናነብ ግን እሌኒ ማዕረጉን የያዙት አስቀድሞ በአባትየው ዘመን ነው። የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ ደግሞ ልጃቸው ሳይነግሥ ሞተዋል። ስለዚህ አዲሱ ንጉሥ የአባቱን ሚስት በእናት ቦታ አከበረ። «ንግሥት» የሚለው ማዕረግ ብቻውን የጋብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ መጀመሪያ መቼ እንደተሰጠ መጠየቅ ያስፈልጋል።