ፎቶው ላይ ያለው ቢጫ ነገር ወርቅ ነው?

የተዘረጋ መዳፍ፤ መዳፉ ላይ የእንቁላል መጠን ያለው ድንጋይ፤ ድንጋዩ ላይ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ቢጫ ነገር። ከፎቶው ሥር አንድ ጥያቄ ብቻ ተጽፏል፦ «ወርቅ ነው?» ስለ ድንጋይ የሚያውቅ ወዳጅ ወይም ዘመድ ያለው ሰው፣ መንገድ ላይ ቢጫ ነገር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በስልኩ አንስቶ ይልካል።

ፎቶው መልስ አለው፤ ግን የሚመልሰው በአንድ በኩል ብቻ ነው። «ይህ ወርቅ አይደለም» ለማለት ብዙ ጊዜ አንድ ጥሩ ፎቶ ይበቃል። «ይህ ወርቅ ነው» ለማለት ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ወርቅን ከሌላው የሚለዩት ዋና ዋና ምልክቶች፣ ክብደቱ፣ ልስላሴውና የዱቄቱ ቀለም፣ በምስል አይታዩም። ስለዚህ ፎቶ የሚመረምር ሰው ሥራው ተጠርጣሪዎቹን አንድ በአንድ ማስወጣት ነው። ወርቅ መስለው የሚያታልሉት በተለይ ሦስት ናቸው፦ ፓይራይት የሚባለው የብረትና የድኝ ውህድ፣ መዳብ የተጨመረበት ዘመዱ ካልኮፓይራይት፣ እና እንደ ስስ ወረቀት የሚላጠው ማይካ።

ቀለሙን ከማመን በፊት

ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለም ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሚያሳስተውም እሱ ነው። የስልክ ካሜራ ቀለምን በራሱ ያስተካክላል። ቢጫ አምፖል ሥር የተነሳ ነጭ ኳርትዝ ቢጫ ሊመስል ይችላል፤ የማታ ፀሐይም ማንኛውንም ድንጋይ ታሞቀዋለች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከድንጋዩ አጠገብ ነጭ ወረቀት አስቀምጦ፣ በቀን ብርሃን ግን ጥላ ውስጥ ሆኖ ማንሳት። ወረቀቱ በፎቶው ላይ ቢጫ ከሆነ የድንጋዩም ቢጫነት አይታመንም። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ከታየ ግን ወደ ድንጋዩ መሄድ ይቻላል።

ወርቅ ሞቅ ያለ፣ የበሰለ ቢጫ ነው። ፓይራይት ከእሱ ይፈዝዛል፤ የናስ ቢጫ ሆኖ አንዳንዴ ወደ ብርማነት ያደላል። ካልኮፓይራይት ከፓይራይት ይልቅ ደመቅ ስለሚል ለወርቅ ይበልጥ ይቀርባል፤ ነገር ግን አየር ሲያገኘው ገጹ ላይ ሐምራዊና ሰማያዊ ቀለም ያወጣል፤ ውሃ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ የሚያሳየውን ዓይነት። ወርቅ እንዲህ አይለወጥም። ቢጫው ራሱ በፎቶው ላይ ሐምራዊና ሰማያዊ ከተቀባ፣ ወርቅ የመሆን ዕድሉ ወርዶ ካልኮፓይራይት ቀድሞ ይጠረጠራል።

ዝገት ግን ሁለት መንገድ ያመለክታል። ፓይራይት ውስጡ ብረት ስላለ ዝናብና አየር ሲያገኘው ዙሪያውን ቡናማ ያደርጋል። ይሁንና ወርቅና ፓይራይት በአንድ ኳርትዝ ውስጥ አብረው መገኘታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ቡናማ ድንጋይ ወርቅ የለበትም ማለት አይቻልም። ዝገቱ የሚናገረው እዚያ ብረት ያለው ማዕድን መኖሩን ብቻ ነው።

ብርሃኑ ከየት ይመለሳል?

ቀለም ያላስወጣውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስወጣው የአብረቅራቂነቱ ዓይነት ነው። የወርቅና የፓይራይት ብርሃን የብረታ ብረት ነው፤ ብርሃኑ ከላይ ተመትቶ ይመለሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። የማይካ ብርሃን ግን የመስተዋት ወይም የዕንቁ ነው፤ ስስ ንብሮቹ ብርሃን ያስተላልፋሉ። ጥቁሩ ማይካ በአየርና በውሃ ሲበላ ወደ ወርቃማነት ስለሚለወጥ፣ ወንዝ ዳር አሸዋ ውስጥ ቁርጥራጩ ሲያበራ ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ልዩነቱን ለማየት አንድ ፎቶ አይበቃም፤ ድንጋዩን ቀስ እያደረጉ እያዞሩ ሦስት አራት ጊዜ ማንሳት ያስፈልጋል። ማይካ በአንድ አቅጣጫ ቦግ ይላል፤ ጥቂት ሲዞር እልም ይላል፤ ንብሮቹ እንደ ጠፍጣፋ መስተዋት ብርሃኑን ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለሚመልሱ። ወርቅ ከየትኛውም ጎን ቢጫ ነው፤ ጥላ ውስጥም ቢገባ ቢጫነቱ አይጠፋም። የፓይራይት ጠፍጣፋ ገጾች ደግሞ ከፀሐይ ወጥተው ጥላ ሲገቡ ይጠቁራሉ። ድንጋዩን አርጥቦ ማንሳት ግን ይህን ሁሉ ያበላሻል፤ ውሃው የራሱን ብልጭታ ይጨምርና የድንጋዩን ይሸፍናል። የካሜራው ፍላሽም እንዲሁ።

በዚህ ብልጭታ የተታለለው ተራ መንገደኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው መርከበኛ ማርቲን ፍሮቢሸር በ1576 ዛሬ ካናዳ ውስጥ ካለው ባፊን ደሴት አካባቢ ጥቁር ድንጋይ ይዞ ለንደን ገባ። አንዳንድ ፈታሾች ምንም የለበትም ሲሉ፣ ሌሎች ወርቅ አለው አሉ፤ የተደመጡት የኋለኞቹ ነበሩ። በ1577 እና በ1578 መርከቦች ተመልሰው ሄደው ከአንድ ሺህ ቶን በላይ ድንጋይ ጭነው መጡ። ለማቅለጥ የተደረገው ሙከራ ሁሉ ከሸፈ፤ ድንጋዩም ዋጋ ቢስ ሆኖ ተገኘ። ከፊሉ ዳርትፎርድ በምትባል ከተማ ለግንብ ሥራ ዋለ።

ቅርጹ ምን ይላል?

ፎቶ ከሚያሳያቸው ምልክቶች ሁሉ ጠንካራው ቅርጽ ነው፤ ብርሃንም ሆነ ካሜራ በቀላሉ አይለውጠውም። የማዕድን ክሪስታል ቅርጽ የሚወለደው አቶሞቹ ውስጥ ለውስጥ ከተደረደሩበት ሥርዓት ነው። ፓይራይት ብዙውን ጊዜ የሚያድገው እንደ ዳይ መጫወቻ ስድስት እኩል ገጽ ያለው ኩብ ሆኖ ነው። ስፔን ውስጥ ናቫሁን በሚባል ስፍራ የሚወጡት ኩቦች ጠርዛቸው በጣም ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው በማሽን የተቆረጡ ይመስሉታል። ሌላው የተለመደ ቅርጹ ባለ አምስት ማዕዘን ገጾች ያሉት ባለ አሥራ ሁለት ገጽ ክሪስታል ነው።

ፎቶውን አጉልቶ ሲያዩት ደግሞ ኩቡ ላይ ሌላ ምስክር ይገኛል። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ስስ ትይዩ መስመሮች አሉ፤ የአንዱ ገጽ መስመሮች ከጎኑ ካለው ገጽ መስመሮች ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራሉ። ክሪስታሉ ሲያድግ ሁለቱን ቅርጾቹን ስለሚያፈራርቅ የቀረ አሻራ ነው። እንዲህ የተሰመረ የናስ ቀለም ያለው ኩብ ያየ ሰው ፓይራይት ብሎ ለመወሰን አይቸገርም።

ወርቅም ክሪስታል ይሠራል፤ ነገር ግን የጠራ ቅርጽ ይዞ መገኘቱ ብርቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በኳርትዝ ስንጥቅ ውስጥ የተጨማደደ ክር፣ ስስ ቅጠል ወይም ቅርጽ የለሽ ፍንጣሪ ነው። ወንዝ ያንከባለለው ደግሞ ጠርዙ ተመቶ ይድቦለቦላል፤ ለስላሳ ስለሆነ ይተጣጠፋል እንጂ አይሰበርም። ስለዚህ በፎቶ ላይ የተሳለ ጠርዝ ያለው ቢጫ ነገር ከወርቅ ይርቃል፤ የተጨማደደውና ቅርጽ የለሹ ይቀርባል።

ቢጫው የተቀመጠበት ድንጋይ

ቢጫውን ብቻ አቅርቦ ያነሳ ሰው ከመረጃው ግማሹን ትቶታል። ዐለቱ ድርብርብ ነው? ከሆነስ ምን ዓይነት ድርብርብ? ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ሲወረድ በዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ የሚታየው ንብር ከላይ ጥቁር ባዛልት፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም ያለበት ዐለት፣ ታች ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ያ በየዘመኑ የፈሰሰና የተጠራቀመ ነገር አንዱ በአንዱ ላይ ያረፈበት ነው። ሺስት የሚባለው ዐለት ድርብርብነት ግን ከዚህ ይለያል። ከመሬት በታች በኃይለኛ ጫናና ሙቀት ሲጨመቅ ማይካዎቹ ሁሉ ተኝተው አንድ አቅጣጫ ስለያዙ የመጣ ነው። ድንጋዩ በስስ ገበታ በስስ ገበታ የሚላጥ ከሆነና ገበታው በሙሉ ቢጫ ካበራ፣ ያ ማይካ ነው።

ወርቅን ለሚፈልግ ሰው ዓይን የሚስበው በዚያ ንብር ውስጥ ሰንጥቆ ያለፈው ነጭ የኳርትዝ ሥር ነው። ጉጂ ውስጥ የሚገኘው የለገደንቢ ወርቅም ከእንዲህ ያሉ የኳርትዝ ሥሮች ጋር የተያያዘ ነው፤ ዐለቱም እጅግ ጥንታዊና በጫና የተለወጠ ነው።

መዳፉ ላይ ያለው ድንጋይ

አሁን ወደ መጀመሪያው ፎቶ እንመለስ። መርማሪው ሌላ ፎቶ ጠየቀ፤ ድንጋዩ ደርቆ፣ ጥላ ውስጥ፣ አጠገቡ ነጭ ወረቀትና ለመጠን የአንድ ብር ሳንቲም ተቀምጦ፣ አንድ ጥጉም በመዶሻ ተሰብሮ አዲስ ገጹ እንዲታይ። ሲደርሰው ወረቀቱ ነጭ ነው፤ ቢጫው ግን ከመጀመሪያው ፈዝዞ ናስ መስሏል። የብረታ ብረት ብርሃን አለው፤ ስለዚህ ማይካ ወጣ። ሐምራዊም ሰማያዊም የለም፤ ካልኮፓይራይት ወደ ኋላ ቀረ። ሲያጎላው ከሳንቲሙ ውፍረት ብዙም የማይበልጡ አራት ኩቦች ታዩ፤ በሁለቱ ላይ መስመር አለ። ዐለቱ ግራጫና በስስ ንብር የሚላጥ ሲሆን፣ አጠገባቸው ደግሞ ኩብ ቅርጽ ያለው ባዶ ጉድጓድ ዝገት ለብሶ ይታያል፤ ሌላ ኩብ በልቶት ያለቀበት ስፍራ። ፍርዱ ፓይራይት ነው።

ይህ ፍርድ ስለ ኩቦቹ ነው እንጂ ድንጋዩ ውስጥ አንድም የወርቅ ቅንጣት የለም ማለት አይደለም። በአሜሪካ ኔቫዳ ክፍለ ግዛት ካርሊን በሚባል ስፍራ ከሚገኘው ማዕድን ወርቁ በፓይራይት ውስጥ ተሰውሮ በተራ ማጉያም አይታይም፤ መኖሩን የሚናገረው የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው።

ጥርጣሬው የቀረው ላኪ ቤቱ ሆኖ ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር አለ። ድንጋዩን እሳት ላይ መጣል አይደለም፤ ፓይራይት ሲግል መርዛማ የድኝ ጋዝ ይለቃል። የወለል ሴራሚክ ገልብጦ ያልተለበጠውን ሻካራ ጀርባውን ማግኘትና አንዱን ኩብ በላዩ ጫን አድርጎ መጎተት ነው። ወርቅ ቢጫ መስመር ያሰምራል። ፓይራይት የሚተወው መስመር ጥቁር ሆኖ ትንሽ አረንጓዴ የነካው ነው። ላኪው ሦስተኛ ፎቶ ላከ፤ ነጩ ሴራሚክ ላይ የተሰመረው መስመር ጥቁር ነበር።